ስድስት ገጽ ሰርኩላር፣ አንድ ገጽ ለኃላፊው

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የሰርኩላር ደብዳቤን አካሄድ ያውቀዋል። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ «ለሁሉም» ብሎ የሚጀምር የተቀባዮች ዝርዝር፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»፣ ከዚያ ደብዳቤው የተጻፈበትን ምክንያት የሚያስረዱ ረጃጅም አንቀጾች ይመጣሉ። አድርጉ የሚለው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው «ከሰላምታ ጋር» ከሚለው በላይ ባለችው የመጨረሻ አንቀጽ ወይም በአባሪው ውስጥ ነው። ደብዳቤው ስካን ተደርጎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ሲደርስ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። የተላከው የወረቀቱ ፎቶ በመሆኑ «ቀን» ወይም «እስከ» የሚለውን ቃል በኮምፒውተር ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። ያ ሰው በአብዛኛው የኃላፊው ጸሐፊ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነው።

ለማሳያ ያህል አንድ ጤና ጣቢያ እናስብ። የ2017 በጀት ዓመት መዝጊያን የሚመለከት ስድስት ገጽ ሰርኩላር ሰኞ ሰኔ 2 ቀን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው። ጸሐፊዋ ዘንድ የደረሰው ሐሙስ ሰኔ 5 ነው። ኃላፊው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚሮጡ ሰው ስለሆኑ ስድስቱን ገጽ አያነቡም። ከሰዓት በኋላ አንድ ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ መገኘት አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ ገጽ መቁጠር ነው። ፊትና ጀርባ የታተመ ወረቀት በአንድ በኩል ብቻ ስካን ተደርጎ የሚላክበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ገጹ መጨረሻ ላይ ተቆርጦ ቀጣዩ ገጽ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ደብዳቤው «አባሪ 3 ገጽ» ብሎ ሁለት ብቻ ከተገኘም ጉድለት አለ ማለት ነው። ያኔ ማጠቃለያ መጻፍ አይጀመርም፤ ላኪው ዘንድ ተደውሎ ሙሉው ይጠየቃል።

ቀጥሎ ንባቡ ነው። ጥሩ ጸሐፊ ከመጨረሻው አንቀጽ ትጀምራለች፣ ከዚያ አባሪውን ታያለች፣ ወደ መጀመሪያው ገጽ የምትመለሰው በስተመጨረሻ ነው። በእርሳስ የምታሰምረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቀኖችንና የዓረፍተ ነገሮችን ማሰሪያ ግሦች። «ገቢ እንዲደረግ»፣ «ተጠናቆ እንዲቀርብ»፣ «እንዲወራረድ» የሚሉት ሥራ ያዝዛሉ። «ይታወቃል»፣ «ይታወሳል» የሚሉት ግን ታሪክ ናቸውና ለኃላፊው ገጽ አይሆኑም። ግማሽ ገጽ በያዘ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ትእዛዝ ሊኖር ይችላል። ግሦቹን የቆጠረ ሰው አንዱም አያመልጠውም።

እጅግ ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቀን ነው። በዚህ ደብዳቤ ገጽ 2 ላይ፣ ሠራተኞች ለመስክ ሥራ የወሰዱት ቅድሚያ ክፍያ «ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ» እንዲወራረድ ተጽፏል። ደብዳቤው ደረሰ የሚባለው ጸሐፊዋ ባየችው ዕለት ሳይሆን መዝገብ ቤት በተመዘገበበት ሰኔ 2 ነው። ቅዳሜና እሑድን ትተን ያንኑ ሰኞ አንድ ብለን ብንቆጥር አሥረኛው ቀን አርብ ሰኔ 13 ይሆናል። ከማግስቱ ብንጀምር ሰኞ ሰኔ 16 ይውላል። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ከደረሰበት ከሰኔ 5 የቆጠረ ሰው ግን ሰኔ 18 ብሎ ይጽፍና ጤና ጣቢያው ዘግይቶ ያገኘዋል። አጠራጣሪ ሲሆን የሚጻፈው የቀደመው ቀን ነው፤ ስለዚህ ሰኔ 13። «10 የሥራ ቀናት» ብሎ ገልብጦ ለኃላፊ ማቅረብ ግን ቆጠራውን እሳቸው ላይ መጣል ነው። የዕለቱ ስም አብሮ መጻፉ ደግሞ የቆጠራ ስህተትን ወዲያው ያጋልጣል።

አባሪው ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ ሌላ ወጥመድ አለው። የንብረት ቆጠራው ቀን «30/10/2017» ተብሎ ነው የተቀመጠው። ሰኔ በእኛ አቆጣጠር አሥረኛ ወር ስለሆነ ይህ ሰኔ 30 ነው፤ የፈረንጅ ኦክቶበር አይደለም። በማጠቃለያው ላይ የወሩ ስም በፊደል መጻፍ አለበት። ስካኑ ደብዛዛ ከሆነ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ይምታታሉ። ክብ ማኅተሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ፊርማው ላይና በአቅራቢያው ባለው ጽሑፍ ላይ ነው። ያልተነበበ ቁጥር በግምት አይሞላም። «ገጽ 4 ላይ ያለው ቁጥር በማኅተም ተሸፍኗል፤ በስልክ እየተጣራ ነው» ተብሎ እንዳለ ይጻፋል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለኃላፊው የሚቀርበው ገጽ ይህን ይመስላል፦

የበጀት ዓመት መዝጊያ ሰርኩላር፤ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደረሰ።

ነገ አርብ ሰኔ 6፦ የግዢ ጥያቄ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ነው። ግዢ ክፍል ዛሬ ያዘጋጃል፤ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል (ገጽ 3)። አስቸኳይ መድኃኒትን አይመለከትም (ገጽ 5)።

አርብ ሰኔ 13፦ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ሁሉ ይወራረዳል። ፋይናንስ ያስፈጽማል (ገጽ 2)። ቀኑ ከመዝገብ ቤት ገቢ ቀን ተቆጥሮ የተገኘ ነው።

ሰኞ ሰኔ 30፦ የንብረት ቆጠራ ይካሄዳል (ገጽ 6)። የቆጠራ ኮሚቴ አስቀድሞ በእርስዎ ይሰየማል። ደብዳቤው ለስያሜው ቀን አልወሰነም፤ እስከ አርብ ሰኔ 20 ቢሆን የእኛ ሐሳብ ነው።

ከዚህ በታች ደብዳቤው ለምን እንደ ተጻፈ በሁለት መስመር፣ ግልባጭ የደረሳቸው ክፍሎች፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ያልተነበበው ቦታ ይቀመጣል። በቃ።

በዚህ ገጽ ላይ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ስለ አስቸኳይ መድኃኒት ለተጻፈችው አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ደብዳቤው በገጽ 3 ግዢ እንደሚቆም በደማቁ ይናገራል፤ መድኃኒትን የሚያስቀረው ማስታወሻ ግን ሁለት ገጽ ርቆ፣ በአባሪው ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። ማጠቃለያው ትእዛዙን ይዞ ማስታወሻውን ቢጥል ኃላፊው የመድኃኒት ጥያቄ ላይ አልፈርምም ሊሉ ይችላሉ፤ የሚጎዳውም በሽተኛው ነው። ስለዚህ «በስተቀር»፣ «ሆኖም»፣ «አይመለከትም» የሚሉ ቃላት ያሉበት ቦታ ሁሉ ተፈልጎ፣ እያንዳንዱ ልዩ ሁኔታ ከሚነካው ትእዛዝ አጠገብ መጻፍ አለበት። ከገጹ ታች ለብቻው ቢቀመጥ ማንም አያየውም።

የገጽ ቁጥሮቹም እንዲያው አልተጻፉም። ኃላፊው አንዱን ነገር ቢጠራጠሩ ዋናውን ደብዳቤ ገልጠው በአንድ ጊዜ ያገኙታል። የጸሐፊዋ የራሷ ሐሳብ፣ ለምሳሌ ሰኔ 20፣ ከደብዳቤው ቃል ጋር እንዳይቀላቀልም የማን እንደሆነ ተለይቶ ተጽፏል። የበላይ አካል ያላዘዘውን ቀን እንዳዘዘ አድርጎ ማቅረብ፣ ኋላ በኦዲት ጊዜ የሚያስጠይቀው ፈራሚውን ነው።

ገጹ ከመቅረቡ በፊት ደብዳቤውን ላላነበበ የሥራ ባልደረባ ይሰጥ። አንብቦ ሲጨርስ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ዋናውን ሳይጠይቅ ከተናገረ ገጹ ደርሷል። ከተደናገረ የተደናገረበት መስመር ይስተካከላል።

ሰርኩላር ለምታዘጋጁ ወገኖችም አንድ ልመና አለን። የመጨረሻውን ቀን በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀምጡልን፤ «በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ» ከማለት «እስከ አርብ ሰኔ 13 ቀን» በሉን። በየወረዳው ደብዳቤያችሁን የሚያነበው ሰው ቀኑን በየፊናው ባይቆጥረው፣ መልሱም ለእናንተ በአንድ ቀን ይደርሳችኋል።