ሳይከፈት የማይታይ ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ አንድ መሐንዲስ ባለ 12 ፎቁን የቻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ የመኖሪያ ሕንፃ መረመረ። የመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ወለል ያለ ተዳፋት በመሠራቱ ውሃ እንደሚያቁር፣ ከሥሩ ያለው የውሃ መከላከያም ከጥቅም ውጪ እንደሆነ ለባለቤቶቹ ጻፈ። ለአጠቃላይ ጥገናው የተገመተው ወጪ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

አስቸኳይነቱ ከዝገት ይመነጫል። ወደ ኮንክሪቱ የሰረገው ውሃ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ደግሞ ሌላ ውሃ ይገባል። ጉዳቱ በየዓመቱ እኩል አይጨምርም፤ እየፈጠነ ይሄዳል።

ባለቤቶቹ በክፍያው ሲከራከሩ ጊዜ ነጎደ። በሚያዝያ 2021 የቦርዱ ሊቀ መንበር ወጪው 15 ሚሊዮን ዶላር መድረሱን፣ ጉዳቱም በጣም መባባሱን በደብዳቤ አስረዱ። ሰኔ 24 ቀን ሕንፃው በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ።

እንዲህ ያለ የጥገና ሐሳብ ለባለቤት የሚያቀርብ የሕንፃ አስተዳዳሪ ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት ሥራውን ማመሳሰል አለበት። አንዱ ተቋራጭ አዲስ መከላከያ ከላይ ለመቀባት ብቻ፣ ሌላው አሮጌውን አንስቶ፣ የላላውን ኮንክሪት ጠርቦ፣ ፌሮውን አጽድቶ ተዳፋት ለማውጣት ዋጋ ቢሰጡ፣ የመጀመሪያው ርካሽ የሚመስለው ችግሩን ስለማይነካ ነው። ስለዚህ ሁሉም መሐንዲስ ባዘጋጀው አንድ የሥራ ዝርዝር ላይ ዋጋ ይሙሉ። ኮንክሪቱ ሲከፈት ለሚገኘው ተጨማሪ ጉዳትም የካሬ ሜትር ዋጋ አስቀድሞ በውሉ ይግባ፤ አለዚያ ዝቅተኛው ዋጋ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሊያሻቅብ ይችላል።