የልብ ድካም በአንድ ገጽ፦ ኢኮውን መሃል ላይ አድርጉት

የሌክቸር ኖታችሁ መንስኤ፣ ምልክት፣ ምርመራና ሕክምናን አራት ቦታ በታትኗቸዋል። ወደ አንድ ገጽ ስታመጡት አራቱን እንዳሉ አታሳጥሩ፤ የኢኮ ውጤትን መሃል ላይ አስቀምጡና ሌላውን በቀስት አገናኙት።

ከመንስኤዎቹ የውጭ መጻሕፍት የልብ ደም ሥር መጥበብን ያስቀድማሉ። እኛ ዋርድ ውስጥ ግን ወጣት ታማሚ ሲገባ መጀመሪያ የሚታሰበው በሩማቲክ የተጎዳ ቫልቭ ነው። ምልክቶቹ ሁለት መስመር ይበቃቸዋል፦ ግራው ሲደክም ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ ተንጋሎ መተኛት ያቅታል፤ ቀኙ ሲደክም የአንገት ደም ሥር ይወጠራል፣ እግር ያብጣል።

ኢጄክሽን ፍራክሽኑ 40% ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀስቱ ዕድሜ ወደሚያራዝሙት አራቱ ይሂድ፦ ኢናላፕሪል፣ ቤታ ብሎከር፣ ስፓይሮኖላክቶን (ጎኑ ላይ «ፖታሲየም» ብላችሁ ጻፉ) እና ዳፓግሊፍሎዚን። ፉሮሴማይድን ለብቻው አድርጉት፤ ሥራው ውሃውን መቀነስ ነው። ሳንባው ውሃ እንደሞላ ቤታ ብሎከር አዲስ አይጀመርም፤ መጀመሩ ፈተና ላይም ዋርድ ላይም ያስወድቃል።

ገጹን በዚህች ታማሚ ፈትሹት። ዕድሜዋ 24፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ የልብ ምቷ 130 እና የተዘበራረቀ፣ ኢጄክሽን ፍራክሽኗ 60%፣ ማይትራል ቫልቯ በጣም ጠቧል። ቀስታችሁ ወደ አራቱ መድኃኒቶች ከወሰዳችሁ ገጹ ተሳስቷል። የልቧ ጡንቻ ደህና ነው፤ ችግሩ በሩ ነው። ፉሮሴማይድ ትንፋሿን ያቀልላታል፣ ምቱ ሲዘገይ ግራው ክፍል የሚሞላበት ጊዜ ያገኛል፣ ዋርፋሪን የደም መርጋትን ይከላከላል። ከዚያ ቫልቩ መከፈት አለበት።