ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፦ ከዓባይ እስከ ጉማራ

ወረታ ቡና ቤት ቁጭ ብላችሁ እስቲ ዓባይን አንሱ። መልሱ ከየጠረጴዛው አንድ ነው፦ «ግብፅ ቀድማ ስለተጠቀመች ውሃው የእሷ አይሆንም!» ጥሩ መከራከሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያን የጠራት አልነበረም። ግብፅ ዛሬም «ታሪካዊ መብት» ትላለች፤ እኛ ደግሞ «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» እንላለን።

አሁን ክርክሩን ወደ ጉማራ እናውርደው። ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል፣ ዓባይ ከጣና ይወጣል። በጋ ላይ ወንዙ ሲቀንስ ገበሬው በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያጠጣል። ከላይ ሞተር ሲበዛ ታች የሚደርሰው ያንሳል። ከላይ ያለ አንድ አምራች ይህን ሳነሳለት «ሞተር ቀድመን የተከልን እኛ ነን፤ እነሱ ዘግይተው መጥተው ነው» አለኝ። ስለ ግብፅ ስጠይቀው ግን በመቅደሟ መብት እንደሌላት ነገረኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ። ስሞቹን አውጡና ሕጉን ብቻ ጻፉ፦ «ውሃውን ቀድሞ የተጠቀመ፣ በኋላ ከመጣው ይቀድማል»። ይህ ሕግ ጉማራ ላይ ከሠራ ዓባይ ላይም ይሠራል። ዓባይ ላይ ካልሠራ ጉማራ ላይም አይሠራም።

«ይሄማ ይለያል» ማለታችን አይቀርም። ሊለይ ይችላል። ግን ልዩነቱ ጥያቄውን የሚነካ መሆን አለበት። «ጉማራ የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው» የሚለው ማን እንደሚዳኝ ይለውጣል፤ መቅደም መብት ይሰጣል ወይ የሚለውን ግን አይመልስም።

እውነተኛ ልዩነትም አለ። የህዳሴው ግድብ ውሃ ተርባይን አዙሮ ወደ ታች ይሄዳል፤ የሚቀረው በሙሌት ጊዜ የተያዘውና የሚተነው ነው። የሽንኩርት ማሳ የጠጣው ውሃ ግን አብዛኛው ወደ ወንዙ አይመለስም። እንግዲህ ይህ ልዩነት የሚጠቅመው ማንን ነው? ታች ያለውን ገበሬ። ልዩነትን የምንጠራው ሲጠቅመን ብቻ ከሆነ ምክንያት ሳይሆን ማምለጫ ነው።

ዘዴው የማይሠራውም ነገር አለ። የአምራቹ ሁለት መስፈርት የኢትዮጵያን አቋም ስህተት አያደርገውም፤ የግብፅንም ትክክል አያደርገውም። ለማን ስንት ሰዓት ሞተር ይፈቀድ የሚለውንም አይወስንም። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱን አብሮ መያዝ አይቻልም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የውሃ ተራ ስብሰባ ላይ «እኛ ቀድመናል» የሚል ሲነሳ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ካይሮ ላይ የቆመ ሰው ሲናገረው አስቡት። ያኔ የምትመልሱለትን መልስ እዚያው ስብሰባ ላይ መልሱ።