የእድር ዕቃ ማስመለሻ ማሳሰቢያ፦ ምን ይጻፍበታል፣ ምንስ ይቀርበታል?

ጥር የሠርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያልተደገሰ ሠርግ ፋሲካን መጠበቅ ስላለበት፣ ድግሱ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጨናነቃል፤ የእድር ዕቃ ቤትም ይራቆታል። ድንኳኑ አንድ ግቢ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሌላ ግቢ ይሄዳል፤ ብረት ድስቱ ከሠርግ ወደ መልስ፣ ከመልስ ወደ ክርስትና ሲሻገር ይከርማል። ጾሙ ሲገባ ድግሱ ጋብ ይላል። ሞት ግን ወቅት አይመርጥም። የጎደለው ዕቃ የሚታወቀው ሰው ያረፈ ዕለት ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ከሆነ፣ ችግሩ የሚያርፈው ምንም ባልወሰደው ሐዘንተኛ ቤት ላይ ነው። ለዚህ ነው የእድር ንብረት ክፍል ዕቃ ለማስመለስ ማሳሰቢያ ማውጣት ያለበት በጾሙ መያዣ፣ ዕቃ ቤቱ ፋታ ባገኘበት ሰሞን የሆነው።

ማሳሰቢያው ሲታይ ቀላል ወረቀት ነው፤ የዕቃው ዓይነት፣ የወሰደው አባልና የወጣበት ቀን የተዘረዘሩበት፣ ከሥሩ የንብረት ክፍሉና የዳኛው ፊርማ ያለበት። ነገር ግን ጎረቤትን በስሙ ጠርቶ «ይህ ዕቃ እርስዎ ዘንድ ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። አንዱ መስመር ከተሳሳተ ትክክለኞቹም መስመሮች አብረው ይጠረጠራሉ። ስለዚህ ሥራው ወረቀቱ ከመጻፉ አስቀድሞ፣ ዕቃው ከዕቃ ቤት በሚወጣበት ሰዓት ይጀምራል።

በመጀመሪያ ዕቃው በምን መልክ እንደሚመዘገብ እንይ። በመዝገቡ ላይ «ድንኳን 1» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ለጠብ በር ይከፍታል። ድንኳን ማለት ሸራው፣ ቋሚና አግዳሚ ብረቶቹ፣ ገመዱና ካስማው ተደምረው ነው። ሸራውና ብረቱ ግዙፍ ስለሆኑ አይረሱም፤ መሬት ውስጥ ተመትቶ የሚቀረው ካስማው ነው። ወሳጁ «ድንኳኑን መልሻለሁ» ይላል፣ ንብረት ክፍሉ «አልተሟላም» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመዝገቡ ላይ «ድንኳን ቁ. 2፣ ሸራ 1፣ ብረት 12፣ ካስማ 24» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሳ ነበር። ብረት ድስትም እንዲሁ ነው። የእድሩ ድስቶች በእጀታቸው ወይም በታቻቸው ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል፤ ከድግስ በኋላ የአንዱ ቤት ድስት ወደ እድሩ፣ የእድሩ ድስት ወደ ሌላ ቤት መሄዱ የተለመደ ነውና። ሰሃንና ብርጭቆ ደግሞ ሲወጡም ሲገቡም ወሳጁ ፊት ይቆጠራሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ወሳጁ ማን ነው የሚለው ነው። ለድግስ የወጣ ዕቃ ወሳጁ ግልጽ ነው፤ ፈርሞ የተረከበው አባል ነው። ዕቃውን የሚሸከሙት ልጆቹ ወይም ጎረምሶች ቢሆኑም ስሙ የሚሰፍረው የፈረመው ሰው ነው፤ ከስሙ ጋር የአባት ስሙና የአባልነት ቁጥሩ ይጻፋል። በአንድ ሰፈር ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች መኖራቸው ብርቅ አይደለም፤ ያልወሰደን ሰው ስም ለጥፎ በማግስቱ ይቅርታ ከመጠየቅ ቁጥሩን መጻፍ ይቀላል።

ለለቅሶ የወጣ ዕቃ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። ድንኳኑን የሚተክሉት፣ ወንበሩን የሚያመጡትና ለቅሶው ሲያበቃ የሚያነሱት የእድሩ ተረኞች ናቸው። ሐዘንተኛው ቤተሰብ ዕቃ ልቆጥር ቢል የሚችልበት ሁኔታ ላይ አይደለም፤ አልተረከበም፣ አልፈረመምም። ስለዚህ በወሳጅ ዓምድ ላይ መግባት ያለበት የተረኞቹ አስተባባሪ ስም ነው። የሟች ቤተሰብ ስም የሚጠቀሰው ዕቃው የት እንደነበረ ለማመልከት በመዝገቡ ውስጥ ብቻ ነው፤ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ዝርዝር ውስጥ መግባት የለበትም። ይህን መስመር የሳተ ማሳሰቢያ ዕቃውን ቢያስመልስም እንኳ አባሉን ያስቀይማል።

የቀኑም ነገር እንደዚሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመዝገቡ ላይ መኖር ያለባቸው ቀኖች ሁለት ናቸው፤ ዕቃው የወጣበትና ይመለሳል የተባለበት። ለሠርግ የወጣ ዕቃ መመለሻው ራሱን ያስታውሳል፤ ድግሱ ሲያልቅ ድንኳኑ ግቢ ዘግቶ ይቆማል፣ ወንበሩ መተላለፊያ ያሳጣል። ብዙ የሚዘገየው አካፋ፣ ዶማና መሰላል ነው። እነዚህን የወሰደ ሰው የሚያልቅ ድግስ የለውም፤ ቦይ ጠርጎ ሲጨርስ አካፋውን በር ጥግ ያስደግፈዋል፣ ዛሬ ነገ ሲል ወራት ያልፋሉ፣ በመጨረሻም የራሱ ዕቃ መስሎ ይታየዋል። የመመለሻ ቀን መቁረጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች ነው።

እንግዲህ አንድ ማሳሰቢያ ከመዝገብ ወደ ወረቀት እንዴት እንደሚሸጋገር በምሳሌ እንከተል። አንድ እድር የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጾሙ በገባበት ሰኞ፣ ዕቃ ቤቱን ቆጠረ እንበል። ከመዝገቡ ላይ ያልተዘጉ አምስት መስመሮች ተገኙ። ንብረት ክፍሉ ወዲያው ወደ መጻፍ አልሄደም፤ አስቀድሞ ለአምስቱም ቤቶች ደወለ። ከአምስቱ አንዱ መስመር በዚያው ተዘጋ፤ 30 ብርጭቆዎች ማታ በልጅ እጅ ተመልሰው፣ የተቀበለው ሰው መዝገቡ ላይ ሳይሰርዝ ቀርቶ ነበር። ይህ ሳይጣራ ቢለጠፍ ኖሮ ዕቃውን በጊዜው የመለሰ ሰው ስሙ ግድግዳ ላይ ይውል ነበር።

ሁለተኛው መስመር የአግዳሚ ወንበር ነበር። አባል ቁ. 112 ለሠርግ ከወሰዷቸው 20 ወንበሮች የተመለሱት 14 ናቸው። ሲጠየቁ፣ ሠርጉ ባለቀ በሁለተኛው ቀን እዚያው አጠገብ ለቅሶ ስለደረሰ ተረኞቹ 6 ወንበር ከግቢያቸው እንደወሰዱ ተናገሩ፤ የተረኞቹ አስተባባሪ አባል ቁ. 29ም አመኑ። ዕቃ እንዲህ ከቤት ወደ ቤት ሲሻገር በመዝገቡ ላይ የሚቀረው የመጀመሪያው ሰው ስም ነው። መፍትሔው መስመሩን በሁለቱም ፊርማ ወደ ትክክለኛው ተረካቢ ማዛወር ነው። ከዚህ በኋላ የተጻፈው ማሳሰቢያ ይህን ይመስላል፤ እዚህ በቁጥር ብቻ የተጠቀሱት አባላት በእውነተኛው ወረቀት ላይ ከነሙሉ ስማቸው ይገባሉ።

«ለእድራችን አባላት በሙሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የእድራችን ዕቃ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ተቆጥሯል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት በመዝገባችን ላይ እስካሁን እንዳልተመለሱ ይታያሉ።

1. ካስማ 6 (የድንኳን ቁ. 2)። አባል ቁ. 37። የወጣው ጥር 16፣ መመለሻው ጥር 20። ሸራውና ብረቱ ተሟልቶ ተመልሷል።

2. አግዳሚ ወንበር 6። የተረኞች አስተባባሪ፣ አባል ቁ. 29። የወጣው ጥር 27፣ መመለሻው ጥር 30።

3. ብረት ድስት ቁ. 5 ከነክዳኑ። አባል ቁ. 64። የወጣው ጥር 9፣ መመለሻው ጥር 13።

4. አካፋ 2፣ ዶማ 1። አባል ቁ. 8። የወጣው ጥቅምት 12፣ መመለሻው ያልተጻፈ።

ቅዳሜ የካቲት 29 እና እሑድ የካቲት 30፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ዕቃ ቤቱ ክፍት ይሆናል። ዕቃው ከባድ ከሆነ ወይም የሚሸከም ሰው ካጣችሁ ንገሩን፤ ተረኞች መጥተው ይወስዳሉ። ቀድሞ የመለሰ፣ ለሌላ ያስተላለፈ ወይም የተሰበረበት አባል ካለ መዝገቡን እንድናስተካክል ያሳውቀን።»

በመጀመሪያው መስመር የተመለሰውም አብሮ ተጽፏል። አባል ቁ. 37 ድንኳኑን ሙሉ በሙሉ አስቀርተዋል የሚል ወሬ እንዳይነሳ ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። በአራተኛው መስመር ላይ መመለሻ ቀን አለመጻፉ ተነግሯል፤ ጉድለቱ የመዝገቡ ስለሆነ በአባሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት ሊነሳ አይችልም። ለመመለስ የተቆረጡት ቀኖችም ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ አሥር ቀን ያህል ፋታ ስላለ ተበድሮ ያበደረም ሰው ዕቃውን ለመሰብሰብ ይደርሳል።

በማሳሰቢያው ውስጥ የሌሉትም ነገሮች ሆን ተብለው የቀሩ ናቸው። ያልተከፈለ ወርሃዊ መዋጮና የቆየ ቅጣት አልተነሱም፤ ዕዳ ያለበት ሰው ዕቃውን ይዞ ሲመጣ ዕዳው እንደሚጠየቅ ካወቀ ዕቃውንም ይዞ ይቀራል። ፊርማ የሌለበት ዕቃም በማንም ስም አልተመዘገበም። ጭልፋ ጠፍቶ «እነ እገሌ ቤት አይቼዋለሁ» የሚል ቢኖር፣ ያ ወሬ እንጂ መዝገብ አይደለም። እንዲህ ያለው ዕቃ የማንም ስም ሳይጠቀስ «ያለበት ያልታወቀ» ተብሎ በስብሰባ ላይ ይነገራል፤ ያየ ሰው ለንብረት ክፍሉ በግሉ ይጠቁማል።

ዕቃው ሲመለስ ሥራው ገና ነው። ድስቱ መታጠቡ፣ ክዳኑ የራሱ መሆኑ፣ ወንበሩ እግሩ አለመላላቱ መላሹ እያለ ይታያል። እሱ ከሄደ በኋላ የተገኘ ስብራት መቼ እንደደረሰ ማረጋገጥ አይቻልም። ከዚያ መስመሩ ይሰረዛል፤ መላሹና ተቀባዩ ይፈርማሉ፣ ቀኑ ይጻፋል። ያቺን ፊርማ መዝለል ነው የብርጭቆውን ስህተት የወለደው።

የተሰበረና የጠፋ ዕቃ በምን ይተካል የሚለው በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ይወሰናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በነጻ ለመገልገል የተበደሩት ዕቃ ራሱ እንዲመለስ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቁጥር ያለው ድስት እያለ ሌላ ድስት አምጥቶ መተካት መመለስ አይባልም። ዕቃው በእውነት ጠፍቶ ከሆነ ግን በገንዘብ ከመቀበል ዓይነቱንና መጠኑን አይቶ በዕቃ መቀበል ይሻላል። የእድር ደንብ ሲጻፍ የተቆረጠ የብር ተመን ዓመታት ሲያልፉ ድስቱን መግዛት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ከሁሉም አባል መዋጮ ላይ ይወጣል።

የካቲት 30 ካለፈ በኋላ የቀረውን መስመር እንደገና መለጠፍ ብዙ ጥቅም የለውም። የመጀመሪያው ማሳሰቢያ ያላስመጣውን ዕቃ ተመሳሳዩ ወረቀት አያስመጣውም። ዳኛው ከአንድ የሰፈር ሽማግሌ ጋር ቤቱ ድረስ ሄደው ምን እንደገጠመ ይጠይቃሉ። ሰውየው ዕቃው እንደጠፋበት አፍሮ ሊሆን ይችላል፤ መተኪያውን በሁለት በሦስት ወር ከፍሎ እንዲጨርስ መስማማት ይቻላል። ስምምነቱም ከነቀኑ በዚያው መስመር ትይዩ ይጻፍና፣ ቀኑ እስኪደርስ ስሙ ከሚለጠፈው ዝርዝር ላይ ይወጣል።