በእንቅልፍ ልብ መሄድና መናገር፦ በከፊል የነቃ አንጎል



ንግግሬን በራሴ ገጠመኝ እጀምራለሁ። የዶክትሬት ጥናቴን በማጠናቅቅበት ሰሞን ሁለት ሌሊት በቅጡ ሳልተኛ አሳለፍሁ። በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ተኛሁ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ባለቤቴ የበረንዳውን በር ስከፍት አገኘችኝ። ዓይኔ ተገልጦ ነበር፤ «ወረቀቱን ላስረክብ ነው» ብዬም መለስሁላት። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጠዋት ስትነግረኝ አንዳች ነገር አላስታወስሁም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። ጥልቁ እንቅልፍ በአብዛኛው የሚገኘው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ላይ ነው። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰው ከዚህ ጥልቅ እንቅልፍ በከፊል ብቻ የነቃ ነው፤ እንቅስቃሴን የሚመራው የአንጎል ክፍል ይነቃል፣ የሚያመዛዝነውና የሚያስታውሰው ግን እንደተኛ ይቀራል። በሩን መክፈት ይችላል፤ ከበሩ ማዶ ያለውን ገደል ግን አይመዝንም። በእንቅልፍ ልብ መናገር ግን በማንኛውም የእንቅልፍ ደረጃ ሊከሰት ይችላል፤ ብቻውን ሲሆንም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

ዝንባሌው በቤተሰብ ይወረሳል። ዝንባሌው ባለው ሰው ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ይገጣጠማሉ፦ እንቅልፉን ከልክ በላይ የሚያጠልቅና ከዚያ ጥልቀት የሚነቀንቀው። እኔን ያጠለቀኝ የሁለት ሌሊት የእንቅልፍ ዕዳ ነበር። የነቀነቀኝ ምናልባት ባለቤቴ ጥቂት ቀደም ብሎ የሰማችው የጎረቤት በር ድምፅ ይሆናል። የሞላ ፊኛ፣ ትኩሳት፣ ከማንኮራፋት ጋር የሚመጣ የትንፋሽ መቆራረጥም እንዲሁ ይነቀንቃሉ። እንደ ዞልፒደም ያሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ያልነበረውን ሊያስጀምሩ ይችላሉ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ባለቤቴ የበረንዳውን በር ቆልፋ ቁልፉን ከበሩ አራቀችው፤ እሳት ቢነሳ ፈጥነን እንድንወጣ ግን ሁልጊዜ የምታውቀው ቦታ ታኖረው ነበር። በመኝታ ክፍሉ በር ላይ ትንሽ ቃጭል አሰረች። አልጋውን ከመስኮቱ አራቅን፤ ከወለሉ ላይ ሽቦና በርጩማ አነሳን፤ ስለትና የመኪና ቁልፍ ከእጅ አራቅን። ተደራራቢ አልጋ ያለው ደግሞ ታች ይተኛ።

የሚሄደውን ሰው መቀስቀስ ይገድለዋል የሚባለው ሐሰት ነው። ይሁን እንጂ አጥብቆ የያዙት ሰው ግራ ተጋብቶ ሊማታ ስለሚችል፣ በለሆሳስ እያናገሩ ወደ አልጋው መመለስ ይሻላል።

ቁልፍ ግን መንስኤውን አያስወግድም። በጉልምስና ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው፣ የተጎዳ ወይም ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ሐኪም ይማከር። በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ፣ ወደ ንጋት ገደማ፣ ሕልሙን እየተከተለ የሚማታና የሚጮኽ ሰው ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አንዳንድ ጊዜ የፓርኪንሰን በሽታ ቀዳሚ ምልክት ስለሆነ የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ በስንት ሰዓት እንደተነሳና ጠዋት ምን እንዳስታወሰ ነው፤ ሰዓቱን የሚያውቀው ግን አጠገቡ የተኛው ሰው ነውና አብረው ይሂዱ።