ዱቄቱ በ15 ቀን፣ ሆቴሉ በወሩ

አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት በየ15 ቀኑ የ150,000 ብር ዱቄት በዱቤ ትወስዳለች እንበል። የምትከፍለው ቀጣዩን ጭነት ስትረከብ ነው። ከዳቦዋ ግማሹ በመስኮት በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። ሌላውን ግማሽ የሚወስዱት ሆቴሎች ግን ሂሳብ የሚዘጉት ወር ሲሞላ ነው። ዳቦው ተበልቷል፤ ገንዘቡ ገና ሆቴሉ ጋ ነው።

እንዲህ ሲጨንቅ አንዳንዱ ስልኩን ያጠፋል። ሌላው መክፈያው ዕለት መጋዘን ሄዶ «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ይላል። አከፋፋዩ ይህን ከስንቱ ሰምቷል!

ጥያቄው ሰሚ የሚያገኘው ያለፈው ዕዳ ተከፍሎ፣ ቀጣዩ ሳይደርስ ሲቀርብ ነው። ባለ ዳቦ ቤቷ የዓመቱን ደረሰኞች ትዘረጋለች፦ ከ24 ጭነት የ22ቱ በቀኑ ተከፍሏል፤ ሁለቱ ሦስትና አራት ቀን ዘግይተዋል። ሁለቱንም ከነምክንያታቸው ደብዳቤው ላይ ትጽፋቸዋለች። ብትደብቃቸው አከፋፋዩ ደብተር ላይ አሉና ትዝብት ነው ትርፉ።

የምትጠይቀውም «አንድ ወር ይስጡኝ» ብላ አይደለም። ግማሹን እንደ በፊቱ በ15 ቀን፣ ግማሹን ብቻ በ30 ቀን ልክፈል ትላለች፤ የሆቴሎቹ ድርሻ ግማሽ ስለሆነ። ከሆቴሎቹ ጋር ያላትን ውል ቅጂም ታያይዛለች።

አከፋፋዩ በዚህ ምን ያጣል? በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢታሰብ፣ 75,000 ብር ለ15 ቀን ሲቆይ ከጭነቱ 555 ብር ገደማ ይወጣበታል። ይህን ዱቄቱን በራሷ መኪና በማንሳት ልትክሰው ትችላለች። እሱን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፦ እስከ ዛሬ እሷ እጅ የሚያድረው ገንዘብ ከ150,000 ብር አያልፍም ነበር፤ አሁን አዲስ ጭነት ሲወጣ ከአሮጌው ግማሽ ጋር 225,000 ይደርሳል። ስለዚህ ጣሪያውን ራሷ ትጽፋለች፤ አንድ ክፍያ ካለፈ ቀጣዩ ጭነት እንዳይወጣም ትስማማለች።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። እፎይታው የአንድ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው 15 ቀን 75,000 ብር እጇ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የአሮጌው ግማሽና የአዲሱ ግማሽ ተደምረው በየ15 ቀኑ የምትከፍለው ያው 150,000 ብር ነው። ሆቴሎቹ ዕዳቸውን ዛሬ ጠቅልለው ቢከፍሏትም ዱቄቱን መክፈል ካልቻለች፣ ችግሩ የዳቦው ዋጋ ወይም ወጪዋ ነውና ቀን ማራዘም አያድናትም።

አከፋፋዩ «እሺ፣ ግን ቼክ ጻፊልኝ» ቢላትስ? ብዙዎች የወር ቀን ጽፈውበት ይሰጣሉ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ግን ቼክ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ባንክ ቢገባም ይከፈላል። ሂሳቧ ባዶ ከሆነ ነገሩ በስንቅ አልባ ቼክ ወደ ወንጀል ክስ ሊያመራ ይችላል። ሁለቱም የፈረሙበት የክፍያ ስምምነት ለእሷ ይሻላታል፤ አከፋፋዩ ቼኩን የግድ ካለ ደግሞ መጠኑ የዘገየው 75,000 ብር ብቻ ይሁን።