ከጣሊያን ሆስፒታል የመውጫ ወረቀት ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ

ጣሊያን ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ «ሌተራ ዲ ዲሚሲዮኔ» የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። የተጻፈው ግን ለበሽተኛው ሳይሆን ለቤተሰብ ሐኪሙ ነው። ስለዚህ በምህጻረ ቃል የታጨቀ ነው፤ የሆስፒታል ቆይታው ታሪክና የምርመራው ውጤት ብዙውን ቦታ ይይዛሉ፤ ቤተሰቡ በየቀኑ የሚያስፈልገው የመድኃኒት ዝርዝር የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀቱን ወደ አማርኛ የሚመልሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሮም ወይም ሚላኖ ያደገ የቤተሰቡ ልጅ ነው። ጣሊያንኛው ጥሩ ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቃላቱ ሳይሆን ከቁጥሮቹ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ ሮም ሄደው በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ አንዲት እናት ይታሰቡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ወረቀታቸው ላይ ላሲክስ 25 ሚሊግራም አንድ ፍሬ በ8 ሰዓት፣ አንድ ፍሬ በ16 ሰዓት ይላል። ቀጥሎ ቢሶፕሮሎሎ 1,25 ሚሊግራም አንድ ፍሬ በ8 ሰዓት፤ ኤውቲሮክስ 50 ማይክሮግራም በባዶ ሆድ በ7 ሰዓት፤ ታኪፒሪና 1.000 ሚሊግራም ሲያስፈልግ ብቻ፣ በቀን ከሦስት ፍሬ ሳይበልጥ። ከታች ደግሞ አምሎዲፒና የሚል ስም ሰፍሮ አጠገቡ «ሶስፔንዴሬ» ተብሎ ተጽፏል።

ከሰዓቱ እንጀምር። የጣሊያኑ 8 ሰዓት የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ 16ቱ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ 7ቱ ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓት። ተርጓሚው «በ8 ሰዓት» ብሎ እንዳለ ከተወው፣ እናቲቱ የጠዋቱን ላሲክስ የሚውጡት ከምሳ በኋላ ነው። ይህ መድኃኒት ሽንት የሚያሸና ስለሆነ ሐኪሙ ሁለቱንም ፍሬ ቀን ላይ ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ የመጨረሻው ወደ ምሽት ከተገፋ በሽተኛዋ ሌሊቱን ሙሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ፤ በጨለማ የሚወድቁትም በዚህ ሰዓት ነው። የሚሻለው «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍና አጠገቡ በቅንፍ የጣሊያኑን 8 ማስቀመጥ ነው። ያኔ ሮም ያለችው ልጅም አዲስ አበባ ያለው ዘመድም በሚያውቀው ሰዓት ያነበዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነጠላ ሰረዝ ነው። ጣሊያኖች እኛ ነጥብ በምናደርግበት ቦታ ነጠላ ሰረዝ፣ ሺህን ለመለየት ደግሞ ነጥብ ይጠቀማሉ። ስለዚህ 1,25 ማለት አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ነው፤ 1.000 ማለት ደግሞ አንድ ሺህ። ሰረዟ በደብዛዛ ፎቶኮፒ ላይ ከጠፋች ቢሶፕሮሎሉ 125 ይሆናል፤ የታኪፒሪናው ነጥብ በእኛ ልማድ ከተነበበ ደግሞ አንድ ሚሊግራም ብቻ ይሆናል። እነዚህን ሁለቱን ጠንቃቃ ፋርማሲስት ይይዛቸው ይሆናል፤ የሚያስፈራው የሚታመን የሚመስለው ስህተት ነው። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቁጥሩን በእኛ አጻጻፍ 1.25 ብሎ አስፍሮ በፊደልም «አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ሚሊግራም» ብሎ መድገም። አሃዱም በምህጻረ ቃል መቅረት የለበትም። ኤውቲሮክስ የታይሮይድ መድኃኒት ነው፤ የሚለካው በማይክሮግራም ነው፤ አንድ ሚሊግራም ደግሞ 1000 ማይክሮግራም ነው።

ስሞቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ላሲክስ፣ ኤውቲሮክስ፣ ታኪፒሪና የንግድ ስሞች ናቸው። የላሲክስ ዋና ንጥረ ነገር ፉሮሴሚድ፣ የኤውቲሮክስ ሌቮታይሮክሲን፣ የታኪፒሪና ደግሞ ሁሉም ቤት ያለው ፓራሲታሞል ነው። እናቲቱ ይህን ካላወቁ ራሳቸውን ሲያማቸው ታኪፒሪናውን ውጠው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ያለውን ፓራሲታሞል ይጨምሩበታል፤ መጠኑም ሳይታወቅ ጉበት ወደሚጎዳበት ደረጃ ያልፋል። ስለዚህ በትርጉሙ ላይ የንግድ ስሙ በወረቀቱ ላይ እንዳለ በላቲን ፊደል ይቀመጣል፤ አጠገቡም ንጥረ ነገሩ በአማርኛ ይጻፋል። ተርጓሚው ንጥረ ነገሩን በግምት መጻፍ የለበትም። የመድኃኒቱ ሳጥን ላይ ታትሟል፤ የጣሊያን የመድኃኒት ኤጀንሲ የሆነው አይፋ በኢንተርኔት ባስቀመጠው የመረጃ ቋት ላይም ይገኛል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ያለው ግን ተርጓሚው ምንም ባልተሳሳተበት ቦታ ነው። «ላሲክስ፣ ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አንድ ፍሬ» ብሎ ቢጽፍ ሮም ላይ ትክክል ነው፤ እዚያ የተለመደው ፍሬ 25 ሚሊግራም ስለሆነ በቀን 50 ይሆናል። እናቲቱ አዲስ አበባ ገብተው መድኃኒቱ ሲያልቅ ፋርማሲ የሚሰጣቸው የተለመደው የፉሮሴሚድ ክኒን ግን 40 ሚሊግራም ነው። ሁለት ፍሬ ሲውጡ 80 ሆነ። ውሃቸው ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ደም ግፊታቸው ይወርዳል፤ ፖታሲየማቸው ይቀንሳል፤ ሲነሱ ያዞራቸዋል። ቤተሰቡ ደግሞ በሽታው የተመለሰ ይመስለዋል። በትርጉሙ ላይ ከፍሬው ቁጥር ጋር «በአንድ ጊዜ 25፣ በቀን በድምሩ 50 ሚሊግራም» የሚል ቢኖር ፋርማሲስቱ ልዩነቱን አይቶ ሐኪም ያማክር ነበር።

አምሎዲፒና አጠገብ የሰፈረው ቃል «ይቁም» ማለት ነው። ይህ መስመር ከሚወሰዱት መድኃኒቶች ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ ከገባ ሰዎች ስሙን አይተው መዋጥ ይቀጥላሉ። የሚቆሙት መድኃኒቶች ለብቻቸው፣ «ከእንግዲህ የማይወሰዱ» በሚል ርዕስ ሥር መውጣት አለባቸው። «ሌላው ሕክምና እንዳለ ይቀጥል» የሚል መስመርም አንዳንዴ ይኖራል። ይህን ተርጓሚው በራሱ ዝርዝር አይሞላውም፤ «ሌላው» የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ሐኪሙ ነው።

ስለ ክትትሉ ጥቂት እንበል። ወረቀቱ «በ7 ቀን ውስጥ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ፣ በአንድ ወር የልብ ሐኪም» ካለ ቀጠሮ ተይዟል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ሐኪሙ «ኢምፔኛቲቫ» የሚባለውን የምርመራ ማዘዣ መጻፍ አለበት፤ ቤተሰቡም በቀጠሮ ማዕከሉ በኩል ቀን ያስይዛል። ማዘዣው ላይ የአስቸኳይነት ፊደል አለ፦ «ኡ» በ72 ሰዓት ውስጥ፣ «ቢ» በ10 ቀን ውስጥ ማለት ነው። ስለዚህ ትርጉሙ «ቀጠሮ አልተያዘም፣ መያዝ አለበት» ብሎ በግልጽ ሊናገር ይገባል። ቀን የተጠቀሰ እንደሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ቀኑ ነው፤ 05/03/2024 ማርች 5፣ በእኛ የካቲት 26 ቀን 2016 ነው። ሁለቱንም መጻፍ ይመረጣል።

ጾም የሚጾሙ እናት ደግሞ «ከቁርስ በኋላ» የሚለውን ትእዛዝ እስከ 9 ሰዓት ሊያቆዩት ይችላሉ። ተርጓሚው ይህን በራሱ አያስተካክልም፤ ሐኪሙን ጠይቆ መልሱን ይጽፋል። የክብደት መመሪያው ግን እንዳለ ይተርጎም፦ በየጠዋቱ መመዘን፣ በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ ለሐኪም መደወል።

ትርጉሙ ሲያልቅ ሌላ ሰው ጣሊያንኛውን ይዞ ይቀመጥ፤ ተርጓሚው እያንዳንዱን ስም፣ ቁጥርና ሰዓት ጮክ ብሎ ከአማርኛው ያንብብለት። ሳጥኖቹም ጠረጴዛው ላይ ይሁኑ። አማርኛው ዋናውን ወረቀት አይተካም። ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲ ሲኬድ ሁለቱ ወረቀቶች አብረው ይያዙ።